ትኩሳትና ቢጫ ዓይን፦ የሌሊቱ ታማሚ በጠዋቱ ስብሰባ

በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የውስጥ ደዌ ክፍል ሐኪሞች ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ። «ሞርኒንግ» ይሉታል። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረው ኢንተርን ወይም ሬዚደንት ተነስቶ፣ ከገቡት ታማሚዎች አንዱን ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ያቀርባል። ሲኒየሮቹም ይጠይቁታል። ትኩሳትና የዓይን ቢጫነት ይዞ የመጣ ሰው ሲሆን የአቀራረቡ ቅደም ተከተል ራሱ ምርመራ ነው፤ አቅራቢው አንድ ነገር ዘልሎ ካለፈ በሽታውንም አብሮ ሊያልፈው ይችላል። ቀጥሎ የምተርከው ኬዝ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በክረምት ወራት በደጋ ከተሞቻችን ከሚታየው ተነስቼ ያቀናበርኩት ምሳሌ ነው።

አቅራቢዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጀምራለች፦ «የ24 ዓመት ወንድ፣ የቀን ሠራተኛ፣ አምስት ቀን የቆየ ትኩሳትና የሁለት ቀን የዓይን ቢጫነት ይዞ መጣ።» በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አምስትና ሁለት። ሲኒየሩ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እነሱን ነው። ትኩሳቱ ቀድሞ ከመጣና ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ከለቀቀ፣ ሰዎች የወፍ በሽታ የሚሉት በቫይረስ የሚመጣ የጉበት ብግነት ወደ አእምሮ ይመጣል። ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት በቀኝ ጎን የላይኛው ሆድ ሕመም ከታጀበ የሐሞት ቱቦ መዘጋትና መመረዝ ያሰጋል። ይህ ልጅ ግን ዓይኑ ቢጫ ከሆነም በኋላ ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ ሆዱንም እንዲህ ባለ መልኩ አላመመውም።

ቀጥሎ ታሪኩ በቀን በቀን ይተረካል። በመጀመሪያው ቀን በድንገት አንቀጠቀጠው፤ ራሱን፣ መገጣጠሚያውንና ባቱን አመመው። በሦስተኛው ቀን ነስር ታየበት። በአራተኛው ቀን ጓደኛው ዓይኑን አይቶ «ቢጫ ሆኗል» አለው። ከዚያ በፊት በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ሄዶ የወባ ፈጣን ምርመራው ኔጋቲቭ መሆኑ ተነግሮት ነበር፤ የዊዳል ምርመራው ግን ስለታየበት ታይፎይድ ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው። አቅራቢዋ ይህን መድኃኒት በስሙ መናገር አለባት፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል የተወሰደ ፀረ ተሕዋስ የሚቀጥለውን ምርመራ ሊያደበዝዝ ይችላል። ዊዳል አንድ ጊዜ ታይቶ ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ ቀድሞ የታመመ ወይም በሌላ ተሕዋስ የተጠቃ ሰው ላይም ሊታይ ይችላል። እኔ እንደማየው በአገራችን ብዙ ትኩሳት የሚቀበረው በዚህች ወረቀት ሥር ነው።

ያልነበሩ ነገሮችም ይነገራሉ። ወደ ቆላ አልሄደም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም ሆነ የባህል መድኃኒት አልወሰደም፤ ሁለቱም ጉበት ሊጎዱ ስለሚችሉ ይጠየቃሉ። ሲኒየሩ በዚህ ጊዜ ያቋርጣታል፦ «የት ነው የሚያድረው?» ታሪኩ የተለወጠው ይህ ጥያቄ ሲመለስ ነው። ልጁ ከገጠር ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከስድስት ሰዎች ጋር ያድራል፣ ቅያሪ ልብስ የለውም። ከክፍሉ ሌላ ሰውም ትኩሳት ይዞታል።

ወደ አካል ምርመራው ስንመጣ መጀመሪያ የሚቀርቡት የሕይወት ምልክቶች ናቸው፤ ሙቀት 39.8፣ የልብ ምት 124፣ የደም ግፊት 95 በ60፣ ትንፋሽ በደቂቃ 26። ልጁ ንቁ ነው፣ ቦታና ጊዜን ያውቃል። ይህ መጠቀስ አለበት፤ ቢጫነት ያለበት ሰው ግራ ከተጋባ ጉበቱ እየከሸፈ ወይም የስኳር መጠኑ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ደረቱና ሆዱ ላይ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች አሉ። ጣፊያው አራት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይዳሰሳል፣ ሲነካም ያመዋል። በሸሚዙ ስፌት ውስጥ ቅማል ተገኝቷል። ስፌቱን ያልፈተሸ ሐኪም ይህን አያገኝም፤ የሰውነት ቅማል የሚኖረው በቆዳ ላይ ሳይሆን በልብስ ውስጥ ነውና።

ከላቦራቶሪው ውጤት ውስጥ ሦስቱ ይበቁናል። ፕሌትሌት 48,000 ነው፣ በጣም ዝቅተኛ። ጠቅላላ ቢሊሩቢን 6.2 ነው፣ ለቢጫነቱ ምክንያት የሆነው። የጉበት ኢንዛይም ግን ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ 70 ላይ ቆሟል፤ በከባድ የቫይረስ ጉበት በሽታ ብዙ ጊዜ ወደ ሺዎች ይወጣል። የሁለቱ አለመመጣጠን ጥርጣሬውን ከጉበት ቫይረስ ያርቀዋል። ከዚያ የደም ፊልሙ መጣ። ፈጣኑ የወባ ምርመራ የሚፈልገው የወባን ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ፊልም ግን በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ሁሉ ያሳያል። በቀይ የደም ሴሎች መካከል ጥምዝምዝ ክሮች ታዩ፤ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ፣ በቅማል የሚተላለፈው የትኩሳት ግርሻ ተሕዋስ። ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በበርሊን ከታማሚዎች ደም ውስጥ ይህን ክር አይቶ በ1873 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ተሕዋሱ በንክሻ አይገባም፤ ሰው ሲያክክ ቅማሉ ይጨፈለቅና ፈሳሹ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል።

ብዙ ወጣት ሐኪሞች አቀራረባቸውን እዚህ ላይ ይዘጉታል፤ ከባዱ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ነው። ተሕዋሱ በአንድ ጊዜ ሲሞት የሚለቀው ነገር የራሱን ማዕበል ያስነሳል። አቅራቢዋ የሌሊቱን ሰዓት ትዘረዝራለች። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም ክኒን ተሰጠው። የተለመደው የፔኒሲሊን መርፌ የቀረው ፕሌትሌቱ ስለወረደና መርፌው ጡንቻ ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ጀመረው፣ ሙቀቱ 40.9 ደረሰ። ከዚያም ላብ አጠመቀውና ግፊቱ ወደ 80 በ50 ወረደ። የደም ሥር ፈሳሽ ተሰጠው፣ ምልክቶቹ በየ15 ደቂቃው ተለኩ፣ ሊነጋጋ ሲል ግፊቱ 100 በ65 ሆነ።

ሲኒየሩ ይጠይቃል፦ «አለርጂ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?» ቆዳው አላበጠም፣ ጉሮሮው አልተዘጋም፣ ትንፋሹም አላፏጨም፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በመንቀጥቀጥና በሙቀት ጀመረ። ያሪሽ ሄርክስሃይመር የሚባለው ይህ ነው። በትኩሳት ግርሻ ሕክምና ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚከሰት ታማሚው መድኃኒቱን ወስዶ ብቻውን መተኛት የለበትም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመና አዲስ አበባ ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚይዝ ፀረ አካል መስጠት ይህን ማዕበል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በተለመደው የዎርድ ሥራ ግን የሚያድነው ፈሳሹ፣ ክትትሉና አጠገብ ያለው ነርስ ነው። ፈሳሹም በልክ ይሁን፤ በሽታው የልብን ጡንቻም ይጎዳልና።

የዛሬው እቅድ ይቀርባል። ፊልሙ ይደገማል፤ ተሕዋሱ ከመድኃኒቱ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል ተብሎ ይጠበቃል። ነስሩና ፕሌትሌቱ ይታያሉ። ቢጫነቱ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል ነገ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ቢገኝ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም፤ ሙቀቱ ከወረደና ግፊቱ ከቆመ ይበቃል። ልብሱ ይቀቀላል። ኬዙም በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች አንዱ ስለሆነ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ይገለጻል።

ከክፍሉ የቀሩትን ስድስቱን ማን እንደሚያመጣቸው ግን አቅራቢዋ አላለችም። ሲኒየሩ ስብሰባውን ከመበተኑ በፊት የማኅበራዊ ሠራተኛውን ስም አስጽፏት፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ከሰዓት በፊት ፊልም እንዲሠራለት አዘዘ።