ማኅበሩን መግዛትና ንብረቱን መግዛት፤ ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን ይመረምራል?

በገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ከፍቶ ሳያይና ጥቂት ሳያስኬደው ዋጋ አይቈርጥም። ፋብሪካ የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መኪናዎቹ ሲዞሩ አይቶ፣ ሻጩም ያሳየውን የሂሳብ መዝገብ ገልጦ፣ ይበቃኛል ይላል። ከመመርመሩም አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባውን አንድ ጥያቄ ይዘነጋዋል፤ ይኸውም «የምገዛው ማኅበሩን ነው ወይስ የማኅበሩን ንብረት?» የሚለው ነው።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ማኅበር በሕግ ዘንድ እንደ ሰው የሚቈጠር ነው፤ በስሙ ንብረት ያፈራል፣ በስሙ ይበደራል፣ በስሙም ይከሰሳል። የማኅበሩን አክሲዮን የገዛ ሰው የማኅበሩ ባለቤት ይሆናል እንጂ ማኅበሩ አይለወጥም። ስለዚህ የትናንቱ ዕዳ፣ በመዝገብ የተጻፈውም ያልተጻፈውም፣ ከማኅበሩ ጋር ይቀጥላል። ንብረቱን ብቻ የገዛ ሰው ግን የሚፈልገውን መርጦ ይወስዳል፤ ዕዳው በመሠረቱ ከሻጩ ማኅበር ጋር ይቀራል። በዚህ ፈንታ እያንዳንዱ ዕቃ፣ እያንዳንዱ ውልና እያንዳንዱ መብት በየራሱ መንገድ ወደ ገዢው ስም መዛወር ይኖርበታል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአዳማ ከተማ ሳሙና የሚሠራ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። በመዝገቡ ሕንፃው 18 ሚሊዮን ብር፣ መኪናዎቹ 14 ሚሊዮን፣ በመጋዘን ያለው ዕቃ 6 ሚሊዮን፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበው ገንዘብ 7 ሚሊዮን፣ በድምሩ 45 ሚሊዮን ብር ነው። የባንክ ብድር 12 ሚሊዮን፣ ለጥሬ ዕቃ አቅራቢዎች የሚከፈል 3 ሚሊዮን ብር አለበት። ዕዳው ሲቀነስ 30 ሚሊዮን ይቀራል፤ ሻጮቹም አክሲዮኑን በሙሉ በ30 ሚሊዮን ብር እንሸጣለን ብለዋል።

ገዢው አክሲዮኑን የሚገዛ ከሆነ የምርመራው ዋና ሥራ በመዝገብ ያልተጻፈውን መፈለግ ነው። ብልህ የሆነ የሂሳብ አዋቂ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የደመወዝ መክፈያ ዝርዝርን ነው። በምሳሌአችን ማኅበሩ በወር የሚከፍለው ደመወዝ በባንክ ወረቀት ሲታይ 480,000 ብር ነው፤ የጡረታ መዋጮ የሚያስታውቀው ግን በ300,000 ብር ላይ ብቻ ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በጠቅላላው 18 በመቶ መከፈል ስለሚገባው፣ ከተደበቀው 180,000 ብር ላይ በየወሩ 32,400 ብር ሳይከፈል ቀርቷል። ይህ ለ36 ወራት ከቀጠለ 1,166,400 ብር ይሆናል፤ ቅጣቱና ወለዱ ገና አልተቈጠረም። ደመወዙን የቀነሰ ሰው የሥራ ግብሩንም መቀነሱ አይቀርምና፣ አንዱን ያገኘ መርማሪ ሌላውንም አብሮ ይፈልግ።

ሻጩ እዚህ ላይ ከግብር መሥሪያ ቤት ያገኘውን፣ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት አውጥቶ ያሳያል። ወረቀቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚናገረው እስከ ዛሬ ስለ ተጠየቀው ግብር እንጂ ገና ስላልተመረመረው ዘመን አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 983/2008 ባለሥልጣኑ ግብር ከፋዩ ያስታወቀውን ሂሳብ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲያሻሽል ይፈቅዳል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ ይህ ገደብ አይጠብቀውም። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው «የመጨረሻው የኦዲት ምርመራ እስከ የትኛው ዓመት ድረስ ተደረገ?» ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ከደንበኞች የሚሰበሰበው 7 ሚሊዮን በዕድሜው ተለይቶ ይታያል። ከዚህ ውስጥ 2.5 ሚሊዮኑ ሱቁን ከዘጋ ነጋዴ የሚጠበቅና ከሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ እንጂ የሚገኝ ገንዘብ አይደለም። በመጨረሻም ጠበቃው የፍርድ ቤት መዝገቦችን ሲጠይቅ፣ አንድ አቅራቢ የ1.8 ሚሊዮን ብር ክስ ማቅረቡን አገኘ እንበል።

ገዢው በዚህ ጊዜ ግዢውን መተው የለበትም፤ ዋጋውን ያስተካክላል። ጡረታውና የማይሰበሰበው ገንዘብ፣ በድምሩ 3,666,400 ብር፣ ከ30 ሚሊዮን ላይ ተቀንሶ 26,333,600 ብር ይቀራል። የክሱ ነገር ገና ስላልተፈረደ አይቀነስም፤ 1.8 ሚሊዮኑ ፍርድ እስኪሰጥ በባንክ በዝግ ሂሳብ ይቀመጣል። ቅጣትና ወለድ ቢመጣ ሻጮቹ እንዲመልሱ በውሉ ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ቃል ኪዳን ግን ሻጮቹ ገንዘቡን ይዘው ከአገር ከወጡ ብዙ ዋጋ የለውም፤ እኛ ከቃል ኪዳን ይልቅ በባንክ የተያዘውን ገንዘብ እንመርጣለን።

አሁን ደግሞ ያው ገዢ አክሲዮኑን ትቶ ሕንፃውን፣ መኪናዎቹንና በመጋዘን ያለውን ዕቃ በ38 ሚሊዮን ብር ይገዛል እንበል። የጡረታው ጕድለትና የአቅራቢው ክስ ከአሮጌው ማኅበር ጋር ይቀራሉ። (ሻጭና ገዢ በጥቅም የተዛመዱ ከሆኑ ግን የግብሩ ዕዳ ንብረቱን ተከትሎ ሊመጣ እንደሚችል ያው አዋጅ ያዝዛል።) ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው ምርመራው የቀለለ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ምርመራው ከዕዳው ወደ ዕቃው ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም።

እያንዳንዱ መኪና በላዩ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ከግዢው ደረሰኝና ከጕምሩክ ዲክላራሲዮን ጋር ይመሳከራል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ሊወጣ ይችላል። አንደኛው፣ መኪናው የኪራይ ኩባንያ ሀብት ሆኖ ሻጩ ተከራይ ብቻ ሆኖ መገኘት ነው። ሁለተኛው፣ መኪናው ለባንክ ዋስትና መያዙ ነው፤ በአዋጅ ቍጥር 1147/2011 መሠረት በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የተሰጠ ዋስትና የሚመዘገብበት መዝገብ ስላለ፣ ገዢው ይህን ሳይመረምር አይፈርምም። ሦስተኛውን ብዙዎች አያውቁትም። መኪናው በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል። አክሲዮን ለገዛው ይህ ችግር አይመጣበትም፤ የመኪናው ባለቤት ያው ማኅበሩ ነውና።

መሬት በአገራችን አይሸጥም፤ የሚተላለፈው ሕንፃውና የሊዝ መብቱ ነው። ስለዚህ የሊዙ ክፍያ መጠናቀቁ ወይም ቀሪው መጠን፣ እንዲሁም በሕንፃው ላይ የተመዘገበው መያዣ ከከተማው መሥሪያ ቤት ይጠየቃል። በምሳሌአችን ሕንፃው ለ12 ሚሊዮኑ ብድር መያዣ ነው። መያዣ ሕንፃው በማንም እጅ ቢገባ ስለሚከተለው፣ ገዢው 12 ሚሊዮኑን በቀጥታ ለባንኩ ከፍሎ የመያዣ መልቀቂያ ደብዳቤ ይቀበላል፤ ለሻጩ የሚደርሰው የቀረው 26 ሚሊዮን ነው። የሳሙናው የንግድ ምልክትም በማን ስም እንደ ተመዘገበ ይታይ፤ በማኅበሩ ሳይሆን በመሥራቹ የግል ስም የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ሠራተኞቹን በተመለከተ፣ ንብረቱን በመግዛት ከእነርሱ ግዴታ አመልጣለሁ ብሎ የሚያስብ ገዢ ይሳሳታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የድርጅት ባለቤትነት ወደ ሌላ መተላለፉ የሥራ ውልን እንደማያቋርጥ ይደነግጋል። ፋብሪካው በነበረበት እየሠራ ከተገዛ፣ የአሥር ዓመት ሠራተኛ አሥር ዓመቱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ያልተወሰደው የዓመት ፈቃድና የአገልግሎቱ ዘመን በሁለቱም መንገድ ተቈጥሮ በዋጋው ውስጥ ይገባል።

የመጨረሻው ሥራ ርክክቡ በሚፈጸምበት ቀን ዋዜማ የሚደረገው ቈጠራ ነው። ምርመራው ከተጀመረ እስከ ፊርማው ሁለትና ሦስት ወር ስለሚያልፍ፣ 6 ሚሊዮን የነበረው የመጋዘን ዕቃ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተሽጦ 4 ሚሊዮን ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ሁለቱ ወገኖች በአንድነት ቈጥረው ይፈርማሉ፤ የጐደለውም ከዋጋው ላይ ይነሣል።