ካልሲየሙ ከየት መጣ?

እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1882 ለንደን ውስጥ ከእንቁራሪት የወጣ ልብ በጨው ውሃ እየነከረ አመታቱን ይከታተል ነበር። ልቡ ደህና ይመታ ነበር። ሪንገር ኋላ እንደደረሰበት ግን ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ተተንኖ የተጣራ ሳይሆን ከቧንቧ የተቀዳ ኖሯል። በተጣራው ውሃ ሲደግመው ልቡ እየደከመ ሄዶ ቆመ። ጥቂት ካልሲየም ሲጨምርበት እንደገና ተነሣ። ይህን በ1883 ጽፎ አሳተመ።

ከዚያችው እንቁራሪት እግር የተወሰደ ጡንቻ ግን እንዲህ አይደለም። ካልሲየም በሌለበት ውሃ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ሲነካ መኮማተሩን ለደቂቃዎች ይቀጥላል። መነካት ያለበት ጡንቻው ራሱ ነው፤ ነርቩ ከተነካ ሙከራው ይበላሻል፣ ምክንያቱም የነርቩ ጫፍ መልእክቱን ለማድረስ የውጭ ካልሲየም ይፈልጋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የአጽም፣ የልብና የልሙጥ ጡንቻን ልዩነት በሰንጠረዥ ከመሸምደድ ይልቅ ከዚህ ሙከራ ቢነሣ ይቀለዋል። ሦስቱም ያለ ካልሲየም አይኮማተሩም። የሚለያዩት ካልሲየሙን ከየት እንደሚያገኙና ካገኙት በኋላ ለማን እንደሚያቀብሉት ነው።

የአጽም ጡንቻ ሴል ውስጥ የራሱ የካልሲየም ጎተራ አለ። ከነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል ሲለቀቅ በሴሉ ሽፋን ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሣና በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በቱቦው ግድግዳ ላይ ያለ ፕሮቲን የኤሌክትሪኩን ለውጥ ሲያውቅ ቅርጹን ይቀይራል። ይህ ፕሮቲን ከጎተራው በር ጋር ተያይዞ ስለተቀመጠ በሩን በቀጥታ ያስከፍተዋል። የወጣው ካልሲየም ትሮፖኒን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ በዚህ ጊዜ አክቲን ላይ ያለው መጋረጃ ይገለጥና ማዮሲን አክቲንን ይዞ ይጎትታል። ከውጭ የሚገባ ካልሲየም እዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያነሣ ሰው ጉልበቱን የሚጨምረው ነርቮቹ ብዙ የጡንቻ ክሮችን ስለሚጠሩና ትእዛዙን ስለሚያፈጥኑ ነው።

ልብም ጎተራ አለው፣ ትሮፖኒንም አለው። ግን ሁለት ነገር ይለየዋል። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ምት የነርቭ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው ክፍሉ የሚገኙ ሴሎች ምቱን ራሳቸው ያስጀምሩታል። ነርቭ የሚያፈጥን ወይም የሚያዘገይ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የቱቦው ፕሮቲን ከጎተራው በር ጋር አልተያያዘም። ስለዚህ ራሱ እንደ በር ተከፍቶ ጥቂት ካልሲየም ከውጭ ያስገባል፤ ጎተራውን የሚያስከፍተው ይህ የገባው ካልሲየም ነው። የሪንገር ልብ የቆመው ለዚህ ነበር። በአንድ ምት የልብ ሴሎች ሁሉ ስለሚሳተፉ ተጨማሪ ክር ጠርቶ መበርታት አይቻልም፤ ስንደነግጥ ልባችን አጥብቆ የሚመታው አድሬናሊን በየምቱ የሚገባውን ካልሲየም ስለሚያበዛው ነው።

በደም ሥር ግድግዳና በአንጀት ያለው ልሙጥ ጡንቻ ከሁለቱም ይርቃል። ትሮፖኒን የለውም። ከውጭ የገባውም ሆነ ከጎተራ የወጣው ካልሲየም ካልሞዱሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ጥንዱ አንድ ኤንዛይም ያስነሣሉ፤ ኤንዛይሙ ደግሞ ፎስፌት ማዮሲን ላይ ይለጥፋል። ማዮሲን ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። በሌሎቹ ካልሲየም አክቲንን ሲያጋልጥ፣ እዚህ ማዮሲንን ይቀሰቅሳል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ መኮማተሩ ዘገምተኛ ነው፤ ግን አንዴ ከጨበጠ በጥቂት ጉልበት ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ትእዛዙም ከነርቭ ብቻ አይመጣም፤ ሆርሞን ወይም የደም ሥሩ መለጠጥ ራሱ ሊያስነሣው ይችላል።

ይህ ሁሉ በአንድ የግፊት ክኒን ላይ ይታያል። አምሎዲፒን የውጭ ካልሲየም የሚገባበትን በር ይዘጋል። የደም ሥሩ ልሙጥ ጡንቻ ይላላል፣ ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ክኒኑን የዋጠው ሰው ግን ጀሪካኑን እንደ ወትሮው ያነሣል። የክንዱ ጡንቻም የዚያ በር ዘመድ የሆነ ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን የሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ ለማወቅ እንጂ ካልሲየም ለማስገባት ስላልሆነ፣ መግቢያው ቢደፈን ጎተራው መከፈቱ አይቀርም።

አምሎዲፒን ይበልጥ የሚያደላው ወደ ደም ሥር ነው። የእሱ ዘመድ ቬራፓሚል ግን ልብንም ይነካል፤ ምቱን ያዘገያል፣ ጉልበቱንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ የመግፋት አቅሙ ለደከመ ልብ ሐኪሞች አያዙትም። ቬራፓሚል የሚወስዱ ብዙ ሰዎች የሚያማርሩት የሆድ ድርቀትም የሚመጣው የአንጀታቸው ልሙጥ ጡንቻ ከደም ሥሩ ጋር አብሮ ስለሚላላ ነው።