አንድ ገጽ፣ ሠላሳ ቀን፦ ለትምህርት የምትለቅ ነርስ ደብዳቤ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለሁለተኛ ዲግሪ ያለፉ ነርሶች ምዝገባቸውን ይጨርሳሉ። ቀጥሎ የሚጠብቃቸው የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ብዙዎች ሲጽፉት ይቸገራሉ። አንዳንዷ ስሜቷን ፈርታ ሁለት ደረቅ መስመር ጽፋ ትሰጣለች፤ ዓመታት አብረዋት ሌሊት ያደሩ ባልደረቦቿም ምን አስቀይመናት ይሆን እያሉ ያዝናሉ። ሌላዋ ደግሞ ምስጋናዋን በሁለት ገጽ ታዘንብና ዋናውን ነገር፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኗን፣ ሳትጽፈው ትቀራለች።

በነርስ ሥራ ያ ቀን ብዙ ነገር ይወስናል። የክፍሉ የተረኝነት ፕሮግራም አስቀድሞ የሚወጣ ስለሆነ፣ ሜትረኗ ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚገባ ቀድማ ማወቅ አለባት። አንዲት ነርስ ሳይታሰብ ስትጎድል ተራዋ ደክመው በወጡት ጓደኞቿ ላይ ይወድቃል፤ የምትንከባከባቸውም ሕመምተኞች ይጎዳሉ። ስለዚህ ሙቀቱም ሥርዓቱም ያለበት ደብዳቤ የሚጀምረው ከቀኑ ነው።

በግል ሆስፒታል ለምትሠራ ነርስ ቀኑን የሚወስነው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሰጣል፤ ቆጠራውም ደብዳቤው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ይጀምራል። ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ የሄደ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። የመንግሥት ጤና ተቋማት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ፣ የራሳቸውን መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። መሥሪያ ቤቷ ራሱ ስፖንሰር ሆኖ የሚያስተምራት ነርስ ደግሞ የምትጽፈው የትምህርት ፈቃድ ጥያቄ እንጂ መልቀቂያ አይደለም።

አሁን በምሳሌ እንየው። በአዲስ አበባ የግል ሆስፒታል፣ በሕፃናት ክፍል አምስት ዓመት የሠራች ነርስ በሕፃናት ጤና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አልፋለች እንበል። ደብዳቤዋን ሰኞ ነሐሴ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ታስገባለች። ቆጠራው ማክሰኞ ነሐሴ 12 ይጀምራል። ከነሐሴ 19 ቀን፣ ከጳጉሜን 5 ቀን ታገኛለች፤ የቀሩትን 6 ቀናት ከመስከረም ትወስዳለች። የመጨረሻ ቀኗ እንግዲህ መስከረም 6 ነው። ብዙ ሰው «አንድ ወር» ብሎ ጳጉሜንን ይረሳና መስከረም 11 ይላል። በክረምት የምትለቅ ነርስ ቀኖቹን በካሌንደር ላይ አንድ በአንድ መቁጠርና ቀኑን ራሱን በደብዳቤው መጻፍ አለባት፤ «ከአንድ ወር በኋላ» የሚለው አገላለጽ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ደብዳቤዋ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ነሐሴ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ………… ሆስፒታል የሰው ሀብት አስተዳደር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል በነርስነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። አሁን በሕፃናት ጤና ነርሲንግ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በመደበኛው መርሐ ግብር እንድከታተል ተቀባይነት ስላገኘሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራዬን የምለቅ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ መስከረም 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።

ሥራ ስጀምር የጨቅላ ሕፃን ደም ሥር ለማግኘት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቤ ቆመው በትዕግሥት ያስተማሩኝ የክፍሉ ኃላፊና ባልደረቦቼ ናቸው። በዚህ ሙያ ጠለቅ ብዬ ለመማር የተነሣሣሁትም በእነሱ መካከል ስሠራ ነው። ለሁላቸውም ያለኝ ምስጋና ከልብ ነው።

እስከ መጨረሻው ቀን የተመደብኩበትን ተራ እሠራለሁ። በእጄ ያለውን ንብረትና የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍ ለተተኪዬ በጽሑፍ አስረክባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬና ቀሪ ክፍያዬ እንዲዘጋጅልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ስምና ፊርማ

ግልባጭ፦ ለሜትረን፤ ለሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነርስ

የመጀመሪያው አንቀጽ የሚያሳውቅ እንጂ የሚለምን አይደለም። «እንድለቅ ይፈቀድልኝ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ውሳኔዋ ጥያቄ ይመስልና ቢሮው መልስ እስኪሰጥ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ያከራክራል። አክብሮቷን በቃላቱ ትገልጻለች፤ ውሳኔዋን ግን አታለሳልሰውም።

ሙቀቱ ያለው በሁለተኛው አንቀጽ ነው፤ የሚሞቀውም አንድ እውነተኛ ነገር ስለሚያነሣ ነው። «ስለተደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ አመሰግናለሁ» የሚለውን ማንም ለማንም ሊጽፈው ይችላል። በሚንቀጠቀጥ እጅ አጠገብ የቆመችው ኃላፊ ግን ራሷን ታውቃለች። እዚህ ላይ ነርስ ልትጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ፦ ልቧን የነካውን ሕፃን ወይም ቤተሰቡን በስም አታነሣም፤ ሕመሙንም አትጠቅስም። ደብዳቤው በብዙ እጅ የሚያልፍና በፋይል የሚቀመጥ ሰነድ ሲሆን፣ የሕመምተኛ ምሥጢር ግን ሥራ በመልቀቅ አያበቃም። ተመልሳ እንደምትመጣ ካልወሰነችም ቃል አትገባ፤ ያልታሰበ ቃል መሥሪያ ቤቱን በከንቱ ያስጠብቃል።

ሦስተኛው አንቀጽ የሚፈተነው በርክክቡ ቀን ነው። እንደ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ የወጣው እያንዳንዱ አምፑል በመዝገብ ይሰፍራል። ነርሷ ቁልፉን ከማስረከቧ በፊት ከተተኪዋ ጋር ቆማ ትቆጥራለች፤ በሣጥኑ ያለውና በመዝገቡ የሰፈረው ቀሪ እኩል መሆኑን አይተው ሁለቱም ይፈርማሉ። ልዩነት ካለ በዚያው ሰዓት፣ የሰጠውም የታዘዘለትም ሰው በሚታወስበት ጊዜ፣ ይጣራል። ቁልፉን ለጓደኛ ወርውሮ መሄድ ግን ከሳምንት በኋላ የጎደለ አንድ አምፑል ሲገኝ በሌለችው ነርስ ላይ ጥርጣሬ ያስከትላል፤ ተተኪዋንም ያልሠራችውን ያስጠይቃታል። የኦክስጅን መለኪያው፣ የሕፃናት ሚዛኑና ሌላው በስሟ ፈርማ የወሰደችው ዕቃም እንዲሁ በዝርዝር ይመለሳል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ሌላው «ገቢ» የሚል ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ተደርጎበት በእሷ እጅ ይቀራል። 30 ቀኑ መቼ እንደጀመረ የሚመሰክርላት ይህ ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለክፍሉ ኃላፊ በአካል ቀርባ ብትነግራት ይሻላል፤ አብሯት የሠራችው ሰው ወሬውን ከግልባጭ ማንበብ የለባትም።

መስከረም 6 ካለፈ በኋላ ተራው የአሠሪው ነው። በአዋጁ መሠረት ደመወዟና ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ታስቦ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላታል። ንብረት ሳትመልስ ካዘገየች ግን ጊዜው ሊራዘም ስለሚችል፣ ክሊራንሱን ቀደም ብላ መጨረስ ይጠቅማታል። የሠራችበትን ዘመን፣ የሥራዋን ዓይነትና ደመወዟን የሚገልጽ ማስረጃም ያለ ክፍያ ሊሰጣት ይገባል። ስትቀበለው ስሟ በዲግሪዋ ላይ እንዳለው መጻፉን፣ የጀመረችበትና የጨረሰችበት ቀን ትክክል መሆኑን፣ የሠራችበት ክፍልም መጠቀሱን ከቢሮው ሳትወጣ ታንብብ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕፃናት ጤና ሙያ ሥራ ስታመለክት፣ አምስቱ ዓመታት የሚቆጠሩላት በዚያ ወረቀት ላይ በሰፈሩት ልክ ነው።