ቆሞ ለሚውል እግር የሚሆን ጫማ

የሞባይል ሱቅ ሻጩ፣ የምግብ ቤት አስተናጋጇና የሆስፒታል ነርሷ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ሦስቱም «ቆሜ ዋልኩ» ይላሉ። እግራቸው የዋለበት ሥራ ግን አንድ አይደለም። አስተናጋጇ ከኩሽና ወደ ጠረጴዛ ስትመላለስ ትውላለች። ነርሷ ክፍል ለክፍል ትዞራለች፤ ቁስል ስታጥብ ወይም መድኃኒት ስታዘጋጅ ደግሞ ባለችበት ትቆማለች። ሻጩ ከባንኮው ጀርባ ካለችው ጠባብ ቦታ ብዙም አይንቀሳቀስም። ብዙ የተራመደው ይበልጥ ይደክመዋል ብለን እንገምት ይሆናል። እግሩ ቶሎ የሚከብደውና የሚያብጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ የቆመው ነው።

ምክንያቱ ባት ላይ ነው። ወደ እግር የወረደ ደም ወደ ልብ ለመመለስ ሽቅብ መውጣት አለበት። በእያንዳንዱ እርምጃ የባት ጡንቻ ሲኮማተር በውስጡ የሚያልፉትን ደም መላሽ ሥሮች ይጨምቅና ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክዳኖች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። ሰው ሳይነቃነቅ ሲቆም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ባለው ደም መላሽ ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ሲራመድ ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። ግፊቱ ከፍ እንዳለ ሲቆይ ፈሳሽ ከሥሩ እየወጣ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ማታ ካልሲ ሲወልቅ ባት ላይ የሚቀረው ጎድጓዳ ምልክት ከዚህ የመጣ ነው። ወገብም የሚደክመው ባለመንቀሳቀስ ነው። ገላን ቀጥ አድርጎ የያዘው ጡንቻ ሳይላላ ለሰዓታት ሲወጠር የራሱን ደም ሥሮች ይጫንና የሚደርሰው ደም ያንሰዋል።

እንግዲህ ጠዋት ጫማ ውስጥ የገባው እግርና ማታ የሚወጣው እግር መጠናቸው እኩል አይደለም። ጫማ የሚለካው ማታ፣ ከሥራ መልስ፣ ለሥራ በሚደረገው ካልሲ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። አንዲት ነርስ ጠዋት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ለካች እንበል፤ 24 ሴንቲሜትር ሆነ። ማታ ከፈረቃ ስትመለስ ወረቀት ላይ ቆማ፣ ክብደቷን በሁለቱም እግሮቿ ጥላ፣ ከተረከዟ እስከ ረጅሙ ጣቷ ጫፍ ስትለካ ቀኙ 24.3፣ ግራው 24.5 ሆነ። የምትይዘው ትልቁን ነው። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አለመሆኑንም ልብ ይሏል፤ ሁለተኛው ጣታቸው የሚበልጥባቸው ብዙ ሰዎች አሉ።

ገበያችን ላይ የለመድነው የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከሌላው የሚበልጠው በሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ በእግሯ ርዝመት ላይ ለጣቶቿ መፈናፈኛ 1.5 ሴንቲሜትር ጨምራ በ1.5 ስታባዛው ቁጥሯን ታገኛለች። በጠዋቱ ልኬት 38.25 ይመጣል፤ ጫማ ሻጩም «38 ነሽ» ይላታል። በማታው 24.5 ግን 26 ሲባዛ በ1.5፣ ልክ 39 ይሆናል። ፈረቃዋ ሊያልቅ ሲል ጣቶቿን የሚያቃጥላት ይቺው የአንድ ቁጥር ልዩነት ነበረች። ይሁን እንጂ ፋብሪካዎች በቁጥር ስለማይስማሙ ሒሳቡ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የተሻለው ማረጋገጫ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥቶ መሬት ላይ ማድረግና ባዶ እግርን ጭኖበት መቆም ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት ወደ አንድ ሴንቲሜትር ከተረፈና እግሩ በጎንና በጎን ካልፈሰሰ ጫማው ይበቃል። ከፈሰሰ ግን ቁጥር መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ርዝመቱን እንጂ ስፋቱን ብዙም አያተርፍምና ፊቱ ሰፋ ያለ ሌላ ሞዴል መፈለግ ነው።

«ማታ ያብጥብኛል» ብሎ ላላ ያለ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ መግዛትም ሌላ ችግር ያመጣል። እግሩን ከላይ የሚይዘው ነገር ከሌለ ጣቶች ጫማውን ላለመጣል ይኮራመታሉ፤ የውስጥ እግር ጡንቻዎችም ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲሠሩ ይውላሉ። ተረከዙ ክፍት የሆነውን የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ የሚሮጥ የሆስፒታል ሠራተኛ ጣቶቹን አስተውሎ ቢያይ ይገባዋል። የሚሻለው ክር ወይም ተጣባቂ ማሰሪያ ያለው ጫማ ነው። ጠዋት ጠበቅ፣ ከቀትር በኋላ እብጠቱ ሲጀምር ላላ ይደረጋል።

ሱቅ ውስጥ ሰውን በቶሎ የሚያታልለው ልስላሴ ነው። ስፖንጁ ወፍራም የሆነ ጫማ ለሁለት ደቂቃ ሲሞከር እንደ ፍራሽ ይመቻል። ችግሩ እግር በሰመጠ ቁጥር ቁርጭምጭሚት ሚዛን ለመጠበቅ ሲታገል መዋሉ ነው። ሊሾም በጣም ለስላሳ ሶልም የየራሳቸው ድካም አላቸው፤ የሚፈለገው መሐሉ ነው። ጫማውን አድርገው በአንድ እግር ለግማሽ ደቂቃ ይቁሙ፤ ቁርጭምጭሚትዎ ወዲያ ወዲህ ከዋለለ ለስላሳነቱ በዝቷል። ከዚያ በእጅዎ ይጠፉት። መተጣጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሐል ወገቡ ላይ አይደለም። የተረከዙ ጀርባ በጣት ሲጫኑት እሺ የማይል ይሁን፤ ታኮውም ከ3 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ክብደቱ ወደ ፊት እግር ይሄዳል።

ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ደግሞ የስፖንጁን ዕድሜ ማየት አለበት። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላው ሲያዩት ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ ወይም የሶሉ ጎን በደቃቅ ሽብሽቦች ከተሞላ፣ ስፖንጁ የመጀመሪያው ባለቤት ዘንድ አልቋል ማለት ነው። አዲስ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረውም አያስተማምንም። ፖሊዩረቴን የሚባለው የሶል ዓይነት በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ ያልተነካ ጫማ ባደረጉት ቀን እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። ጥፍር ሲጫኑት የሚሰነጠቅ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ መተው ነው።

ለነርስና ለአስተናጋጅ የማያንሸራትት ሶልም ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ከ4,500 በላይ የጤና ሠራተኞችን ያሳተፈና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የማያንሸራትት ጫማ የተሰጣቸው ሠራተኞች የተንሸራተቱበት ጊዜ በ37 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ወገብን በተመለከተ ግን ተስፋን ጫማ ሻጮች ከሚሉት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይገባል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ጫማ ውስጥ የሚጨመር ንጣፍ የወገብ ሕመምን እንደማይከላከል ደምድሟል። በውድ ንጣፍ ወገቤን አድናለሁ ብሎ ገንዘብ ማውጣት እኔ አልመክርም። ጥሩ ጫማ እግርን ከመቃጠል ያድናል እንጂ ባት ሳይንቀሳቀስ ደም ሊመልስለት አይችልም። የሞባይል ሱቅ ሻጩ ከባንኮው ሥር ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ሳጥን አድርጎ እግሮቹን በየተራ ቢያሳርፍበት፣ ደንበኛ ሲጠብቅም ተረከዙን ብድግ ዝቅ እያደረገ ባቱን ቢያሠራ፣ ወገቡ ከየትኛውም ንጣፍ የበለጠ እፎይታ ያገኛል። ወንበር ካለ ደግሞ መቀመጥ ነው። እንግሊዝ በ1899 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለሦስት ሴት የሱቅ ሠራተኞች ቢያንስ አንድ መቀመጫ እንዲኖር አስገድዳ ነበር። የእኛ ሱቆች ባለቤቶች ግን የተቀመጠ ሻጭ ሲያዩ አሁንም ሰነፍ ይመስላቸዋል።