ክራር በጆሮ ይቃኝ ወይስ በክሊፕ ቱነር? አረንጓዴው መብራት የማይነግራችሁ ነገር

ክራር መማር የጀመረ ወጣት ዛሬ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚገዛት አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። እንደ ልብስ መቆንጠጫ እንጨቱን ነክሳ ትይዛለች፣ ትንሽ ስክሪን አላት፣ ክሩ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ታበራለች። ክሊፕ ቱነር ትባላለች።

"ይቺ ካለች ጆሮ ምን ያደርጋል?" የሚል አለ። "በማሽን የተቃኘ ክራር ለዛ የለውም" የሚልም አለ። ሁለቱም የሚሉት ነገር መነሻ አለው። ለምን እንደሆነ ለማየት ዛሬ አንድ ክራር ወስደን ትዝታ ሜጀር እንቃኝበታለን፤ አንዴ በቱነር፣ አንዴ በጆሮ። ውጤቱ አንድ ዓይነት አይደለም።

ቱነሯ ምን ትሰማለች?

ስልካችሁ ላይ ያለው የመቃኛ አፕ የሚሰማው በማይክ ነው። ስለዚህ ጎን ያለ ሰው ሲያወራ ወይ ከበሮ ሲመታ ይደናገራል። ክሊፕ ቱነር ግን አየር ላይ ያለውን ድምፅ አትጠብቅም፤ የእንጨቱን ንዝረት ነው የምታነበው። ጫጫታ ያለበት መድረክ ላይ የምትወደደው ለዚህ ነው።

ክሩን ስትመቱ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል ይወጣል፦ C፣ D፣ E እያለ። ከፊደሉ ጋር መርፌ አለ። መርፌው ወደ ግራ ካዘነበለ ክሩ ላልቷል፣ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ከሯል፣ መሐል ላይ ከቆመ ልክ ነው።

ግን "ልክ" የሚለውን ማን ወሰነው? ቱነሯ የምታውቀው 12 ድምፆችን ነው። ከታችኛው C እስከ ላይኛው C ያለውን ርቀት 12 እኩል ቦታ ከፍላ ይዛለች። እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ይባላል፤ ሴንት ማለት በጣም ትንሽ የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው። ኪቦርድም የሚሠራው በዚሁ እኩል አከፋፈል ነው። ይህን ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ጆሮስ ምን ይሰማል?

ጆሮ ቁጥር አይቆጥርም። ጆሮ የሚሰማው ሁለት ድምፆች ሲስማሙና ሲጣሉ ነው።

ሁለት ክሮች አንድ ድምፅ እንዲሰጡ እየቃኛችሁ ነው እንበል። አንዱ በሰከንድ 440 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው 442 ጊዜ። አብራችሁ ስትመቷቸው ድምፁ "ዋው... ዋው..." እያለ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይወዛወዛል። ልዩነቱ ወደ 1 ሲወርድ መወዛወዙም በሰከንድ አንድ ጊዜ ይሆናል። ልዩነቱ ሲጠፋ መወዛወዙ ይቆማል፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ቀጥ ይላል። በጆሮ የሚቃኝ ሰው የሚያዳምጠው ይህን ነው፤ ዋውታው እየቀነሰ ሄዶ እስኪቆም።

ይህ ለተመሳሳይ ድምፆች ብቻ አይደለም። C እና Gን፣ ወይም D እና Aን አብራችሁ ስትመቱም ይሠራል። ልክ ሲሆኑ ዋውታው ይቆማል፣ ሲዛቡ ይጀምራል።

አሁን ክራሩን እንቃኝ

ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች አሉት፦ C፣ D፣ E፣ G፣ A። ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይደግማል። እኛ እዚህ Cን እንደግማለን። (ክሮቹ በመሣሪያው ላይ የሚቀመጡበት ተራ ከድምፅ ከፍታቸው ተራ ይለያል። እዚህ የምናወራው ስለ ድምፁ ከፍታ ብቻ ነው።)

በቱነር ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ክር ትመታላችሁ፣ C ላይ አረንጓዴ እስኪበራ መቃኛውን ታዞራላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ።

በጆሮ ግን አንዱ ክር ሌላውን እየወለደ ነው የሚሄደው። መነሻ Cን ከዘፋኙ ድምፅ ወይም ከሌላ መሣሪያ ትወስዳላችሁ። ከC ተነስታችሁ Gን ታገኛላችሁ። ከG ወደ ታች ወርዳችሁ Dን፣ ከD ወደ ላይ ወጥታችሁ Aን፣ ከA ወደ ታች ወርዳችሁ Eን። በየደረጃው ሁለቱን ክሮች አብራችሁ እየመታችሁ ዋውታው እስኪቆም ትጠብቃላችሁ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን C ታስማማላችሁ።

አሁን በጆሮ የተቃኘው ክራር ላይ ቱነሯን ንከሱበትና እዩ። C ልክ ነው። G ግን 2 ሴንት ከፍ ብሏል። D 4፣ A 6፣ E 8 ሴንት። በየደረጃው ሁለት ሁለት እየተጨመረ መጥቷል። ጆሯችሁ አልተሳሳተም። ዋውታ የሌለበት የC እና G ርቀት 702 ሴንት ነው፤ የቱነሯ ደግሞ 700። ያቺ ሁለት ሴንት ለብቻዋ አትሰማም፣ አራት ጊዜ ስትደመር ግን 8 ትሆናለች።

ትልቁ ጭቅጭቅ ያለው E ላይ ነው

አሁን ሌላ ነገር ሞክሩ። Eን ከA ሳይሆን በቀጥታ ከC ጋር አብራችሁ ምቱና ጥርት እስኪል ቃኙት። ይህ E ከቱነሯ E 14 ሴንት ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። 14 ሴንት ልምድ የሌለው ጆሮም የሚሰማው ልዩነት ነው።

ስለዚህ ሦስት E አለን። መነሻችን መካከለኛው C (261.6 Hz) ከሆነ፦

ከC ጋር በቀጥታ የተስማማው E፦ 327.0 Hz
የቱነሯ E፦ 329.6 Hz
ከA የተወለደው E፦ 331.1 Hz

"በማሽን የተቃኘ ክራር ለዛ የለውም" የሚሉት ሰዎች የሚሰሙት ይህንን ነው። ቱነሯ አረንጓዴ አብርታ፣ C እና E አብረው ሲመቱ ግን ድምፁ ፈጠን ብሎ ይንቀጠቀጣል።

"ታዲያ ዝቅ ያለውን E እንያዝ" ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ያ E ከC ጋር ማር ሆኖ ከA ጋር ይጣላል። Aን ዝቅ አድርጋችሁ ከE ጋር ስታስታርቁት ደግሞ ከD ጋር ይጣላል። ጠቡ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ይህ የክራር ችግር ወይም የናንተ ችግር አይደለም፤ የድምፅ ተፈጥሮ ራሱ እንዲህ ነው። ቱነሯ የያዘችው እኩል አከፋፈል ጠቡን ለሁሉም ክር ትንሽ ትንሽ አካፍሎ ማንም ብዙ እንዳይጎዳ የሚያደርግ ስምምነት ነው።

የትኛውን እንምረጥ?

ከኪቦርድ ወይም ከጊታር ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ቱነሯን ተከተሉ። እነሱ የሚሄዱት በእኩሉ አከፋፈል ነው፤ ክራራችሁ 8 ወይም 14 ሴንት ከተለየ የሚዛባው እናንተ ናችሁ።

ክራራችሁን ብቻ ይዛችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ፣ ወይም ከማሲንቆ ጋር ከሆነ፣ መነሻ Cን ከራሳችሁ ድምፅ ውሰዱ፤ ሌላውን በጆሮ ቃኙ። ማሲንቆ የጣት ቦታ የሚወስን ፍሬት የለውም፣ ተጫዋቹ ራሱ ወደናንተ ይመጣል። በተለይ አንቺሆዬ ላይ ቱነሯን እንደ መጨረሻ ዳኛ አትዩዋት። ቅኝቱ በምዕራቡ ኖታ C፣ Db፣ F፣ Gb፣ A ተብሎ ቢጻፍም ይህ መጠጋጋት ነው።

ቱነሯ ያለ ክርክር የምታሸንፍበት ቦታም አለ። መድረክ ላይ ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር መቀየር ስትፈልጉ ሁለት ክሮችን ብቻ ታላላላችሁ፦ E ወደ Eb፣ A ወደ Ab። ሕዝብ እያየ፣ ከበሮ እየተመታ ይህን በጆሮ መሥራት ከባድ ነው፤ በቱነር ግን ቶሎ ያልቃል። ብዙ ቱነሮች Ebን D#፣ Abን ደግሞ G# ብለው ስለሚያሳዩ አትደናገጡ፤ ያው ናቸው።

ጊታርና ቫዮሊን ላይስ?

ጊታር ላይ ፍሬቶቹ ራሳቸው የተተከሉት በእኩሉ አከፋፈል ስለሆነ ቱነር ይሻላል። E ኮርድ ጥርት እንዲል ብላችሁ የG ክርን በጆሮ ካላላችሁት E ኮርዱ ያምራል፣ ወደ C ኮርድ ስትሄዱ ግን ያው ክር ልል ሆኖ ያስጠላል።

ቫዮሊን ተቃራኒው ነው። A ክርን ከቱነር ወስዶ ሌሎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ በጆሮ ማስማማት የተለመደ ነው። እንዲህ ሲቃኝ ቱነሯ Dን 2፣ Gን 4 ሴንት ዝቅ ብሎ፣ Eን ደግሞ 2 ሴንት ከፍ ብሎ ታሳያለች። ይህ ስህተት አይደለም።

ቱነር ይዛችሁም የምትሳሳቱባቸው ቦታዎች

አንደኛ፣ ሞዱ። ቱነሯ በጊታር ሞድ (G) ላይ ከሆነች የጊታርን ክሮች ብቻ ነው የምትፈልገው። ለክራር ክሮማቲክ (C) ላይ አድርጓት። ስክሪኑ ላይ 440 መጻፉንም እዩ። ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ 435 ወይም 445 ሆኖ ከሆነ ሁሉም ክር አረንጓዴ ያበራል፣ ከኪቦርዱ ጋር ግን አይገጥምም።

ሁለተኛ፣ ክር መበጠስ። ብዙዎቹ ቱነሮች ፊደሉን ይነግሯችኋል እንጂ የታችኛው C ይሁን የላይኛው አይነግሯችሁም። ክሩ ልክ ካለበት አልፎ እየከረረ ሳለ "የሚቀጥለው C እስኪመጣ" ብላችሁ ማዞር ከቀጠላችሁ ክሩ ይበጠሳል። ወዴት እንደምትሄዱ መጀመሪያ ጆሯችሁ ይወቅ።

ሦስተኛ፣ የሚዘል መርፌ። ክራር ላይ ክሮቹ ሁሉ ክፍት ስለሆኑ አንዱ ሲመታ ሌሎቹም አብረው ይነዝራሉ። C መትታችሁ G ካሳየች ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹን ክሮች በግራ እጃችሁ ጣቶች ያዙ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ምቱ፣ መርፌውን ወዲያው ሳይሆን ትንሽ ቆይታችሁ አንብቡ። ክር ሲመታ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚወርደው። ቱነሯንም ከቆዳው ላይ ሳይሆን ከእንጨቱ፣ ቀንበሩ ላይ አሲዟት።

አራተኛ፣ አንድ ዙር አይበቃም። አንዱን ክር ስታከሩ ቀንበሩ ላይ ያለው ጫና ይጨምርና ቀድማችሁ የቃኛችኋቸው በትንሹ ይላላሉ። ስድስቱን ጨርሳችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ዙሩ። አዲስ የናይለን ክር ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ቀናት እየተሳበ መላላቱን ይቀጥላል።

ዛሬ ማታ የሚሞከር

ክራራችሁን በቱነር ቃኙና አጥፏት። C እና Gን አብራችሁ ምቱ፤ ዋውታው በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ነው፣ በጣም ቀርፋፋ። ቀጥሎ C እና Eን ምቱ፤ ዋውታው ፈጣን ነው። አሁን Eን በጣም በትንሹ አላሉት፤ ዋውታው እየቀዘቀዘ ሄዶ ይቆማል። ከዚያ A እና Eን አብራችሁ ምቱና የተፈጠረውን ጠብ ስሙ። እነዚህን ልዩነቶች መስማት ከቻላችሁ፣ የቱነሯ ባትሪ መድረክ ላይ ቢያልቅ እንኳ ክራራችሁ ይቃኛል።