ከማባዛት ወደ ስፋት፦ ጋማ ፋንክሽንና የክፍልፋይ ፋክቶሪያል

የአንድ ሙሉ ቁጥር ፋክቶሪያል የሚገኘው ከ1 ጀምሮ እስከዚያ ቁጥር ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች በማባዛት ነው። የ3 ፋክቶሪያል 1 × 2 × 3፣ ማለትም 6 ነው፤ የ4 ደግሞ 24፣ የ5 ደግሞ 120። አጻጻፋቸው 3!፣ 4! እና 5! ነው። ትርጉሙም በቀላሉ ይጨበጣል፤ ሦስት ሰዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ እንደሚችሉ ሲቆጠር 6 ይሆናል። ሁለት ተኩል ሰው ግን ወንበር ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ 2.5! ተብሎ ቢጻፍ በማባዛትም ሆነ በመደርደር ትርጉም አይገኝለትም።

ይሁን እንጂ 1፣ 2፣ 6፣ 24 የሚሉት ውጤቶች በግራፍ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆነው ሲቀመጡ፣ ሁሉንም የሚያገናኝ ለስላሳ ኩርባ ሊሳብ የሚችል ይመስላል። ኩርባው ካለ ደግሞ በ2 እና በ3 መካከል፣ ልክ 2.5 ላይ፣ አንድ ከፍታ ይኖረዋል። በ1720ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ክርስቲያን ጎልድባህ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ሲያውጠነጥን የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር። በ1729 በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው የ22 ዓመቱ ሌኦንሃርድ ኦይለር ለጎልድባህ በጻፈው ደብዳቤ መልሱን ማለቂያ በሌለው ብዜት አቀረበ። በጥር 1730 በላከው ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ያንኑ መልስ በኢንተግራል፣ ማለትም ከአንድ ኩርባ በታች ባለ ስፋት፣ ገለጸው።

ያ ኢንተግራል ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የሚከተለው ነው፦

Γ(s) = ∫₀^∞ t^(s−1) · e^(−t) dt

Γ «ጋማ» ተብሎ የሚነበብ የግሪክ ፊደል ነው። ምልክቱን ያወጣው ፈረንሳዊው አድሪየን ማሪ ሌዣንድር ሲሆን፣ በእርሱ አጻጻፍ በጋማ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ምንጊዜም ከፋክቶሪያሉ በ1 ይበልጣል። ስለዚህ 3! ለማግኘት Γ(4) ይሰላል፤ 2.5! ለማግኘት ደግሞ Γ(3.5)።

በኢንተግራሉ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ይጓተታሉ። ለምሳሌ s = 4 ሲሆን ከምልክቱ ስር የሚገኘው t³ · e^(−t) ነው። t ሲያድግ t³ ወደ ላይ ይስባል። e ወደ 2.718 የሚጠጋ ቋሚ ቁጥር ስለሆነ፣ t በአንድ በጨመረ ቁጥር e^(−t) ወደ ሦስተኛ እጅ ገደማ እየወረደ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ t³ ያሸንፋል፤ ኩርባው ከዜሮ ተነስቶ t = 3 ላይ ወደ 1.34 ከፍታ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ e^(−t) ስለሚበረታ ኩርባው ቁልቁል ይወርድና አግድም ዘንጉን ሳይነካ ወደ ቀኝ ያለ ማቋረጥ ይዘረጋል።

ጭራው ማለቂያ የሌለው ኩርባ ስፋቱ እንዴት ሊለካ ይችላል? ተራ ኢንተግራል መነሻና መድረሻ አለው። አንደኛው ጫፍ ወሰን አልባ ሲሆን፣ ወይም ኩርባው ራሱ አንድ ቦታ ላይ ወደ ላይ ያለ ገደብ ሲመዘዝ፣ ኢምፕሮፐር ኢንተግራል ይባላል። ስሌቱ የሚከናወነው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ቀኙ ጫፍ በአንድ ተራ ቁጥር b ላይ ይቆረጥና እስከዚያ ያለው ስፋት ይሰላል። ቀጥሎ b እየራቀ ሲሄድ ስፋቱ ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚጠጋ ይታያል። ለ t³ · e^(−t) b = 5 ሲሆን ስፋቱ 4.41 ገደማ ነው። b = 10 ሲሆን 5.938፣ b = 20 ሲሆን 5.99998 ይሆናል። b ከዚህ በላይ ምንም ያህል ቢርቅ ስፋቱ 6ን አያልፍም፤ ወደ 6 እየተጠጋ ብቻ ይሄዳል። 6 ደግሞ 3! ነው።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። t^s · e^(−t) የተባለው ፋንክሽን ደሪቫቲቩ ሲወሰድ የብዜት ሕግ ሁለት ክፍል ይሰጣል፦

s · t^(s−1) · e^(−t) − t^s · e^(−t)

የአንድ ፋንክሽን ደሪቫቲቭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲደመር የሚሰጠው የመጨረሻውን ከፍታ ከመነሻው ከፍታ ጋር ያለውን ልዩነት ነው። t^s · e^(−t) ግን s ከዜሮ እስከበለጠ ድረስ በ0 ላይም ዜሮ ነው፤ ወደ ቀኝ እየራቀም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ ልዩነቱ ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስፋት s · Γ(s)፣ የሁለተኛው Γ(s+1) በመሆኑም ሁለቱ እኩል ናቸው፦

Γ(s+1) = s · Γ(s)

ይህ የፋክቶሪያል ጠባይ ራሱ ነው፤ 4! የሚገኘው 3!ን በ4 በማባዛት እንደሆነ ሁሉ። የሚቀረው መነሻው ነው። s = 1 ሲሆን እስከ b ያለው ስፋት 1 − e^(−b) ስለሆነ፣ b ሲርቅ 1 ይሆናል። ከ Γ(1) = 1 ተነስቶ Γ(2) = 1፣ Γ(3) = 2፣ Γ(4) = 6 እያለ ይቀጥላል። 0! ለምን 1 እንደሆነም እዚሁ ይታያል፤ 0! ማለት Γ(1) ነውና።

የኢንተግራሉ ጥቅም የሚጎላው s ሙሉ ቁጥር ሳይሆን ሲቀር ነው። ፎርሙላው s ሙሉ ቁጥር እንዲሆን አያስገድድም። ለግማሾች ሁሉ ቁልፉ Γ(½) ነው። በእርሱ ውስጥ t በ u² ሲተካ ኢንተግራሉ ከ e^(−u²) በታች፣ ከግራ ወሰን አልባ ጫፍ እስከ ቀኝ ወሰን አልባ ጫፍ ያለ ስፋት ይሆናል። ይህ ኩርባ በስታትስቲክስ የታወቀው የደወል ቅርጽ ነው።

የዚህን ኩርባ ስፋት በቀጥታ ለማስላት የሚያገለግል ተራ ፎርሙላ የለም፤ ነገር ግን ስፋቱ በራሱ ሲባዛ መንገዱ ይከፈታል። ብዜቱ ከፍታው e^(−x²−y²) የሆነ ክብ ኮረብታ የሚይዘው ይዘት ነው። የኮረብታው ከፍታ የሚወሰነው ከመሐል ባለው ርቀት r ብቻ ስለሆነ በስስ ቀለበቶች ሊከፋፈል ይችላል። የእያንዳንዱ ቀለበት ዙሪያ 2πr፣ ከፍታው e^(−r²) ነው። ከመሐል እስከ R ርቀት ሲደመሩ π(1 − e^(−R²)) ይሰጣሉ፤ R ሲርቅ ይህ π ይሆናል። ስፋቱ በራሱ ተባዝቶ π ከሰጠ፣ ስፋቱ የ π ዳግም ዘር ነው። ማለትም Γ(½) = √π፣ ወደ 1.77245 የሚጠጋ። ክብ በሌለበት ጥያቄ ውስጥ π ብቅ ያለው በኮረብታው ክብነት ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ 2.5! ማግኘት የማባዛት ሥራ ብቻ ነው፦

2.5! = Γ(3.5) = 2.5 × 1.5 × 0.5 × √π

ሦስቱ ቁጥሮች ሲባዙ 1.875፣ በ1.77245 ሲባዛ ደግሞ 3.3233 ገደማ ይመጣል። ውጤቱ በ2! = 2 እና በ3! = 6 መካከል ነው። በተመሳሳይ መንገድ የግማሽ ፋክቶሪያል 0.5 × √π፣ ማለትም 0.8862 ገደማ ነው።

እንደ 2.3 ላሉ ቁጥሮች ግን እንዲህ ያለ ቆንጆ መልስ የለም፤ ስፋቱ በቁጥር ስሌት ብቻ ይገመታል። ቢሆንም እያንዳንዱን ከባዶ ማስላት አያስፈልግም። ከ1 እስከ 2 ያለው የጋማ ዋጋ ከታወቀ ሌላው ሁሉ በማባዛት ይገኛል። Γ(1.3) ወደ 0.89747 ስለሚጠጋ፣ 2.3! = 2.3 × 1.3 × 0.89747፣ ማለትም 2.683 ገደማ ነው።

በስሌቱ ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው በሩቁ ጭራ ሳይሆን በቅርቡ ጫፍ፣ በዜሮ ላይ ነው። s ከ1 ሲያንስ t^(s−1) ወደ ዜሮ ሲጠጋ ያለ ገደብ ይመዘዛል። በ Γ(½) ኩርባው ወደ ላይ ቢሸሽም ስፋቱ የተወሰነ ነው። ነገር ግን አስሊው ዜሮን ለመሸሽ ብሎ ከ0.01 ቢጀምር፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ወደ 0.2 የሚጠጋ ስፋት ያመልጠዋል፤ ይህም ከጠቅላላው ከአሥር እጅ አንዱን ይበልጣል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ መነሻው ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ውጤቱ በጉልህ ይለወጣል። መድኃኒቱ ከላይ እንደታየው t በ u² መተካት ነው፤ ያኔ የሚመዘዘው ጫፍ ይጠፋል። s ዜሮ ሲሆን ግን መድኃኒት የለም፤ ከ 1/t በታች ያለው ስፋት መነሻው ወደ ዜሮ ሲቀርብ ያለ ገደብ ያድጋል።

ስለዚህ ኢንተግራሉ የሚሠራው ከዜሮ ለሚበልጡ ቁጥሮች ነው። ለአሉታዊ ክፍልፋዮች Γ(s+1) = s · Γ(s) የሚለው እኩልነት ወደ ኋላ ይነበባል። Γ(−½) የሚገኘው Γ(½) በ −½ ተካፍሎ ነው፤ ውጤቱ −2√π፣ ወደ −3.545 የሚጠጋ ነው። ከኩርባ በታች ያለ ስፋት ባይሆንም ሕጉን ይጠብቃል። በ0፣ በ−1፣ በ−2 እና በመሳሰሉት ላይ ግን ሕጉ በዜሮ ማካፈልን ስለሚጠይቅ ጋማ ዋጋ የለውም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። በነጥቦቹ ላይ የሚያልፍ ኩርባ ብዙ ነው፤ በመካከላቸው ሞገድ እየሠሩ የሚሄዱም አሉ። ታዲያ ትክክለኛው የኦይለር ኩርባ ነው የሚባለው ለምንድን ነው? በ1922 ሃራልድ ቦር እና ዮሐነስ ሞለሩፕ የተባሉ ዴንማርካውያን ይህን አረጋገጡ፦ መነሻው Γ(1) = 1 የሆነ፣ ከዜሮ በላይ ባለ ቁጥር ሁሉ Γ(s+1) = s · Γ(s) የሚለውን የሚጠብቅ፣ ሎጋሪዝሙም ሲሳል ወደ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ፋንክሽን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጋማ ነው።