አለኝ እና አለብኝ፦ የባንክ ወረቀት እንዴት ይነበባል?



ሐይፋ፣ ሃዳር ውስጥ ካለ አንድ ቤት እንግባ እንበል። ከባንክ ደብዳቤ መጥቷል። አባት ዕብራይስጥ ገና አልለመዱምና አምስተኛ ክፍል የምትማረውን ልጃቸውን ጠርተው «እስቲ ምን ይላል?» ይሏታል። ልጅቱ «ዝኹት» የሚለውን «መብት»፣ «ሖቫ» የሚለውን ደግሞ «ግዴታ» ብላ ትነግራቸዋለች። አልተሳሳተችም፤ በትምህርት ቤት የተማረችው ይህንኑ ነው። አባት ግን «የምን መብት? የምን ግዴታ?» ብለው ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ቃሉ ተተረጎመ እንጂ ነገሩ አልተተረጎመም።

እነዚህ ሁለት ቃላት የሒሳብ ሠራተኞች ቃላት ናቸው። በእኛ ቋንቋ በቀላሉ እንዲህ እንበላቸው፦ ዝኹት ማለት «አለኝ» ነው፤ ሖቫ ማለት «አለብኝ» ነው።

ለምን መብትና ግዴታ ተባሉ? ገንዘባችሁን ባንክ ስታስገቡ ለባንኩ አደራ ሰጣችሁት ማለት ነው። አደራውን በፈለጋችሁ ጊዜ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ያስገባችሁት አልቆ ከባንኩ ገንዘብ መጠቀም ስትጀምሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ባንኩ አበዳሪ፣ እናንተ ተበዳሪ ናችሁ። የመመለስ ግዴታ አለባችሁ። በአገራችን ባለሱቁ ዱቤ የሚጽፍበትን ደብተር አስታውሱ፤ ስማችሁ እዚያ ከተጻፈ ዕዳ አለባችሁ ማለት ነው።

አሁን ወረቀቱን እንዘርጋ። እንደ ዕብራይስጥ ጽሑፍ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። በመጀመሪያ ቀኑ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሥራው ዓይነት፣ ለምሳሌ ደመወዝ፣ ቼክ ወይም መብራት የሚል። ከዚያ ሖቫና ዝኹት፣ መጨረሻ ላይ «ይትራ» ይገኛል። ይትራ ማለት ቀሪ ሒሳብ ነው። በሖቫ ረድፍ የተጻፈው ሁሉ ከሒሳባችሁ የወጣ ነው። በዝኹት ረድፍ የተጻፈው የገባ ነው። ከይትራው አጠገብ የመቀነስ ምልክት ካለ፣ ከቁጥሩ በፊትም ይሁን በኋላ፣ ያ ገንዘብ የእናንተ ሳይሆን የባንኩ ነው። እዚህ አገር «ሚኑስ ገባሁ» የሚባለው ይህ ነው።

የአባትን ወረቀት በምሳሌ እንከተል። በወሩ መጀመሪያ 1,200 ሸቅል አላቸው። በ2ኛው ቀን የቤት ኪራይ ቼክ 2,500 ወጣ። ካላቸው በላይ ስለወጣ ይትራው 1,300 ሚኑስ ሆነ። በ5ኛው ቀን መብራት 300 ተከፈለ። መብራቱን ማንም ሄዶ አልከፈለም፤ ባንኩ ራሱ በየጊዜው እንዲከፍል ቀደም ብለው ፈርመዋል። ይህ «ሆራአት ኬቫ» ይባላል። ይትራው አሁን 1,600 ሚኑስ ነው።

በ6ኛው ቀን አባት ለቤት ዕቃ ገንዘብ ፈልገው ወደ ካስፖማት ሄዱ። መኪናው «ይትራ ለምሺኻ 3,400» የሚል አሳያቸው። አባት ደስ አላቸው፤ 3,300 አወጡ።

ከባድ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። «ይትራ ለምሺኻ» ማለት «ልታወጡ የምትችሉት» እንጂ «ያላችሁ» ማለት አይደለም። አባት ሒሳቡን ሲከፍቱ ባንኩ እስከ 5,000 ሸቅል ሚኑስ እንዲገቡ ተስማምቶላቸው ነበር። ይህ ልክ «ሚስጌሬት» ይባላል። ከ5,000ው ላይ የገቡበት 1,600 ሲቀነስ 3,400 ይቀራል። መኪናው ያሳየው ሊበደሩት የሚችሉትን ቀሪ ነው። ከራሳቸው ገንዘብ አንድ ሸቅልም አልነበረበትም።

3,300 ካወጡ በኋላ ይትራቸው 4,900 ሚኑስ ሆነ። እስከ ልኩ የቀራቸው 100 ሸቅል ብቻ ነው። በ8ኛው ቀን አልጋ በክፍያ ለገዙበት ሱቅ የሰጡት የ400 ሸቅል ቼክ ደረሰ። ባንኩ «ሽፋን የለውም» ብሎ መለሰው። በማግስቱ፣ በ9ኛው ቀን፣ ደመወዛቸው 6,400 ገባ፤ የቼኩ ነገር ግን አልፏል። ደመወዙ ሚኑሱን ሸፍኖ 1,500 ቀረ። በ10ኛው ቀን በኬርቲስ አሽራይ የገዙት ሁሉ ተደምሮ 2,700 ሲወጣ እንደገና 1,200 ሚኑስ ገቡ። ደመወዝ በገባ በማግስቱ ማለት ነው።

ቼክ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የማዕከላዊው ባንክ መመሪያ መሠረት፣ ባንኮች ደንበኛው ከተስማማበት ልክ እንዲያልፍ ዝም ብለው መፍቀድ የለባቸውም። በ1981 በወጣው የቼክ ሕግ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 10 ቼክ ከተመለሰና በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ 15 ቀን ካለ፣ ሒሳቡ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። በታገደ ሒሳብ ቼክ መጻፍ አይቻልም። ቤት አከራዮች የዓመቱን ኪራይ በ12 ቼክ አስቀድመው በሚቀበሉበት አገር ይህ ቤት የማግኘት ጉዳይ ነው።

በልኩ ውስጥ ሆኖ መኖርም በነፃ አይደለም። ለሚኑሱ የሚከፈለው ወለድ «ሪቢት» ይባላል። በብዙ ባንኮች በየቀኑ እየታሰበ በየሦስት ወሩ ተደምሮ ስለሚወሰድ፣ በየወሩ ወረቀት ላይ ላይታይ ይችላል። ወለዱ በዓመት 12 ከመቶ ነው ብንልና አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ 3,000 ሚኑስ ላይ ቢቆይ፣ ወደ 360 ሸቅል ይከፍላል። ዕዳው ግን ያው 3,000 ነው። ከሪቢት ሌላ «አማላ» የሚል መስመር ታያላችሁ፤ ይህ ባንኩ ለአገልግሎቱ የሚወስደው ክፍያ ነው።

ወረቀቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የፊተኛውን ይትራ ያዙ፤ ዝኹት ከሆነ ደምሩ፣ ሖቫ ከሆነ ቀንሱ፤ ያገኛችሁት በቀጣዩ መስመር ካለው ይትራ ጋር እኩል መሆን አለበት። ያልገዛችሁት ነገር ወይም ያልፈረማችሁበት ሆራአት ኬቫ በሖቫ ረድፍ ካገኛችሁ፣ መስመሩን በእርሳስ አስምሩበትና ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ባንክ ሂዱ።

ከባንኩ ጸሐፊ ፊት ስትቆሙ ይህችን አንድ ጥያቄ በቃላችሁ ያዙ፦ «ማ ሃይትራ ብሊ ሃሚስጌሬት?» ያለ ሚስጌሬት ያለኝ ቀሪ ስንት ነው ማለት ነው። የዚህ መልስ እውነተኛ ገንዘባችሁን ይነግራችኋል። «ካማ ሪቢት ሺላምቲ?» ብላችሁ ስንት ወለድ እንደከፈላችሁም ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ ከ2016 ጀምሮ ባንኮች በዓመት አንድ ጊዜ፣ እስከ የካቲት ወር መጨረሻ፣ «ትዑዳት ዜሁት ባንካኢት» የሚባል ማጠቃለያ ለደንበኞቻቸው ይልካሉ። የካቲት ስንል የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ ነው። ያላችሁ፣ ያለባችሁና በዓመቱ የከፈላችሁት አማላ በአንድነት ተጽፎበታል። በፖስታ ወይም በባንኩ የኮምፒውተር ገጽ ሊመጣ ስለሚችል፣ ካልደረሳችሁ ባንኩን ጠይቁ።

ልጃችሁ ወረቀቱን ስታነብላችሁ እንግዲህ ከሁሉ አስቀድማችሁ መጨረሻ ያለውን ይትራ እንድታሳያችሁ ጠይቋት። «አባዬ፣ አለን ወይስ አለብን?» የሚለውን እሷም አብራችሁ ትማረዋለች።